የፔፐር አብስትራክትን ማንም በሚገባው ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዴት እናሳጥር፦ አንድ የቡና ጥናት ይዘን

ጅማ ውስጥ ትንሽ እንግሊዝኛ ያነባል ተብለህ ከታወቅክ፣ ቡና ላይ አንድ ጥናት በተወራ ቁጥር ስልክህ አያርፍም። አንዱ ከኸርማታ ገበያ፣ አንዱ ከአጋሮ፣ የአብስትራክቱን፣ ማለትም ጥናቱ መጀመሪያ ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ፣ ስክሪንሾት ይልኩና «እስቲ ይሄ ምንድነው የሚለው» ይሉሃል። እኔም ብዙ ጊዜ ቸኩዬ በአንድ መስመር መልሼ በኋላ የተናገርኩት ሌላ፣ ሰዉ የተረዳው ሌላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አሁን ግን ሁልጊዜ የምከተለው አካሄድ አለኝ፣ እሱን በአንድ ጥናት ላይ እየሠራሁ ላሳያችሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር የምለው ሰው ስልክ ላይ ሰምቶ ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ወይ ለጎረቤቱ ሳይሸራርፍ መንገር የሚችለው እስከዛ ድረስ ስለሆነ ነው፣ ሦስተኛው ላይ የመጀመሪያውን ይረሳል።

የምንሠራበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር ፕላንትስ ጆርናል ላይ የወጣው ነው፣ የእንግሊዙ ኪው የዕፅዋት ተቋም ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የሠሩት፣ የአየር ንብረት ለውጥ የኢትዮጵያን ቡና ምን ያደርገዋል የሚል። አብስትራክቱ ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ግን እያንዳንዱ የታጨቀ ስለሆነ አንዴ አንብቦ የሚጨብጠው የለም። በኔ አማርኛ ሐሳቡ እንዲህ ይሄዳል፦

1. ቡና ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው መተዳደሪያ ነው፣ ከኤክስፖርት ገቢውም ሩቡን ያስገኛል።
2. ሙቀቱ እየጨመረ ዝናቡ እየቀነሰ ስለሆነ ይሄ ቡናን ምን እንደሚያደርገው ቶሎ ማወቅ ያስፈልጋል።
3. በሞዴልና በሳተላይት መረጃ፣ መሬት ላይ ወርደንም እያረጋገጥን፣ በተለያዩ ሲናሪዮዎች ለቡና የሚመቸው ቦታ እንዴት እንደሚቀየር ተመለከትን።
4. ከፍ ያለ ኢንተርቬንሽን ወይም ሌላ ትልቅ ምክንያት ካልመጣ፣ አሁን ቡና ከሚለማበት ቦታ ከ39–59% የሚሆነው ለቡና የማይመች እስኪሆን ድረስ አየሩ ሊቀየር ይችላል።
5. በአንጻሩ ቡናን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር፣ ከደን ጥበቃ ወይም ደንን መልሶ ከማልማት ጋር ከተደረገ፣ የሚመቸው ቦታ ቢያንስ አራት እጥፍ (>400%) ሊጨምር ይችላል።
6. ለለውጡ የተጋለጡትንም የሚቋቋሙትንም ዋና ዋና የቡና ቦታዎች ለይተናል።

መጀመሪያ፦ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ምን ሥራ ላይ እንዳለ ጎኑ ላይ ጻፍ

ወረቀት ላይ ገልብጠውና ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ቃል አስቀምጥ፦ ዳራ፣ ክፍተት፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ማስታወቂያ። እዚህ አንደኛው ዳራ ነው፣ ሁለተኛው ለምን ጥናቱ አስፈለገ የሚል ክፍተት ነው፣ ሦስተኛው ዘዴ። ውጤት ያለባቸው አራተኛውና አምስተኛው ብቻ ናቸው። ስድስተኛውን ተጠንቀቁት፣ ውጤት ይመስላል እንጂ አይደለም፣ «ለይተናል» ይላል እንጂ የትኞቹን እንደለዩ አንዲት ስም አይጠራም፣ እንዲህ ዓይነቱን እኔ ማስታወቂያ እለዋለሁ፣ ውስጥ ገብታችሁ አንብቡ ማለት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሲያሳጥር «ተመራማሪዎቹ ተጋላጭ ቦታዎችን ለዩ» ብሎ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን እዚህ ላይ ያቃጥላል፣ ሰሚው ደግሞ ወዲያው «የትኞቹን?» ሲለው መልስ የለውም።

ሌላው የተለመደ ስህተት ዳራውን ማሳጠር ነው። አብስትራክት ሁሉ በሚያምር ዳራ ስለሚጀምር ከላይ ወደ ታች እየተረጎምክ ከሄድክ ሁለቱ ዓረፍተ ነገርህ «ቡና ለ15 ሚሊዮን ሰው መተዳደሪያ ነው፣ የአየር ንብረት ለውጥ ደግሞ ያሰጋዋል» ሆነው ያልቃሉ። ይሄንን ለጅማ ሰው መንገር ምን ይጠቅመዋል፣ እሱ የሚኖረው ነገር ነው። ስለዚህ ዳራና ክፍተቱን በእርሳስ ሰርዝ፣ ከዘዴው አንድ ነገር ብቻ እንይዛለን፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ከዛ፦ ውጤቱን አራት ጥያቄ ጠይቀው

የምን? ስንት? በምን ሁኔታ? መቼ? መልሱን ከአብስትራክቱ ውስጥ በጣትህ እየነካህ አውጣ።

የምን ለሚለው፣ «አሁን ቡና ከሚለማበት ቦታ» ነው የሚለው። ምርት አላለም፣ ኩንታል አላለም፣ የቡና ዛፍ አላለም። «የኢትዮጵያ ቡና በግማሽ ይቀንሳል» ብለህ ከጻፍክ ቦታን ወደ ምርት ቀየርክ ማለት ነው፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም፣ ከአንዱ ሄክታር የሚገኘው ከሌላው ስለሚለያይ።

ስንት ለሚለው ከ39 እስከ 59 በመቶ። ይሄ ስፋት የመጣው ከተለያዩ ሲናሪዮዎች ነው፣ ማለትም ዓለም ብዙ ብትሞቅ እንዲህ፣ ትንሽ ብትሞቅ እንዲያ እየተባለ። ስለዚህ መሃሉን ወስደህ 49 ማለት አይቻልም፣ 49 የሚል ቁጥር ማንም አላገኘም። ጫፉን ብቻ ይዞ «59 በመቶ» ማለትም የባሰውን ሁኔታ ብቻ መርጦ መናገር ነው። ሁለቱንም ጫፍ ያዝ።

በምን ሁኔታ ለሚለው፣ «ከፍ ያለ ኢንተርቬንሽን ካልመጣ» ይላል። እዚህ ላይ በእንግሊዝኛው significant የሚል ቃል አለ። የሕክምና አብስትራክት ላይ ይሄ ቃል ሲመጣ ብዙውን ጊዜ በስታትስቲክስ ፈተና ያለፈ ማለት ነው፣ ትልቅ ነው ማለት አይደለም፣ እዚህ ግን በተራ ትርጉሙ ነው፣ የሚታይ፣ ከፍ ያለ ማለት ነው። ቃሉን ባየህ ቁጥር አጠገቡ ቁጥርና ፈተና መኖሩን አይተህ ወስን።

መቼ ለሚለው ደግሞ አብስትራክቱ ዝም ይላል! ይሄ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ አራቱን ስትጠይቅ አንዱ ባዶ ይሆናል፣ ያኔ ወደ ፔፐሩ ውስጥ ገብተህ ማየት ግዴታ ነው። ስሌቱ የሚሄደው እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ነው፣ በፈረንጅ ማለት ነው። ይሄ ካልተጻፈ ሰዉ የሚመጣው ዓመት ይመስለዋል፣ እንደዛ መስሎት ማሳውን ለመሸጥ የሚያስብም አይጠፋም። «በ2100» ብለህ ከጻፍክ ደግሞ «እ.ኤ.አ.» ጨምርበት፣ አለዚያ በኛ አቆጣጠር ይወስደውና ሰባት ስምንት ዓመት ይዛነፋል።

ቃላቱን እንዳሉ አትሻገር

እንግሊዝኛውን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ማስረዳት የሚመስለን ብዙ ነን፣ አንዳንድ ቃል ግን እዚህ አገር ሌላ ኑሮ አለው። ዋናው «ሞዴል» ነው። እኛ ጋ ሞዴል ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ሞዴል አርሶ አደርን ነው፣ ስለዚህ «በሞዴል የተሠራ ጥናት» ስትለው የተሸለሙ ገበሬዎች ማሳ ላይ የተሠራ ይመስለዋል፣ እንዲያውም ይበልጥ ያምነዋል! ትክክለኛው «በኮምፒውተር ስሌት የተገመተ» ነው። ከዘዴው መያዝ ያለበት አንድ ነገር ያልኩት ይሄንን ነው፣ ሰሚው ይሄ የታየ ነገር ሳይሆን የተሰላ ግምት መሆኑን ማወቅ አለበት። ሳተላይቱን፣ መሬት ላይ የተደረገውን ማረጋገጥ፣ ሲናሪዮውን ተወው፣ ጥሩ ሥራ ነው ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታ የለውም።

«ኢንተርቬንሽን»ን ደግሞ መዝገበ ቃላት «ጣልቃ ገብነት» ይልሃል፣ ያ የፖለቲካ ቃል ነው። «እርምጃ ካልተወሰደ» ብትል እርምጃ መውሰድ ከቅጣት ጋር ይያያዛል። እኔ «የሚታይ ሥራ ካልተሠራ» ነው የምለው። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አብስትራክቱ ስለማይዘረዝር ጥላ ዛፍ፣ መስኖ ምናምን ብዬ ከራሴ አልጨምርም፣ ቢያምረኝም።

የአምስተኛውን ዓረፍተ ነገር ቅንፍም ተመልከቱ፣ «ቢያንስ አራት እጥፍ (>400%) ጭማሪ»። ሒሳቡን ሥሩት እስቲ፣ 100 ሄክታር አራት እጥፍ ሆነ ማለት 400 ሄክታር ነው፣ በ400 በመቶ ጨመረ ማለት ግን 500 ነው። ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም፣ በእንግሊዝኛም ሰዎች ይደባልቋቸዋል። እንዲህ ሲሆን ትንሹን ውሰድ፣ «ቢያንስ አራት እጥፍ» በሁለቱም ንባብ ውሸት አይሆንም።

መጻፍ ስትጀምር ሁኔታውን ከፊት አስቀድም

ይሄ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው በጣም ወሳኝ ነው። እንግሊዝኛው «ሊ...ይችላል» የሚለውን ቀደም ብሎ ይናገረዋል፣ ሁኔታውን ደግሞ መጨረሻ ላይ ያስከትላል። እኛ ጋ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሰሚው መጀመሪያ ቁጥሩን ይሰማል፣ ይደነግጣል፣ «ሊሆን ይችላል» እስክትል ድረስ ወሬው ልቡ ውስጥ ገብቷል። ይቺን እዩዋት፦

«አሁን ካለው የቡና መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል፣ የሚታይ ሥራ ካልተሠራ።»

ስህተት የለባትም ግን ስትነበብ «ካልተሠራ» የምትለው ጅራት ላይ ትጠፋለች። ገልብጣት፦

«የሚታይ ሥራ ካልተሠራ፣ አሁን ካለው የቡና መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል።»

አሁን ሰሚው ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ሁኔታውን ይዞ ነው። «ሊሆን ይችላል»ን ወደ «ይሆናል» ማሳጠር ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም፣ አንድ ቃል ለመቆጠብ ሲባል ግምቱ ትንቢት ይሆናል። ቦታ ከጠበበህ ሌላ ነገር ቁረጥ።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን እንዳያጣምም የሚጠብቅ ይሁን

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሰዎች «ስለዚህ ሁላችንም...» የሚል ምክር ያደርጉታል። ምክር ጥናቱ ውስጥ የለም። የሁለተኛው ሥራ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር መያዝ ነው። ራስህን ጠይቅ፣ አንደኛውን ብቻ የሰማ ሰው ምን ያደርጋል? በኛ ጥናት «ቡና አለቀለት» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ሁለተኛው አምስተኛውን ውጤት ይይዛል።

ሌላ ጥናት ላይ ሌላ ነገር ይሆናል። ለምሳሌ በኮሮና ጊዜ እንግሊዝ አገር የተሠራው የዴክሳሜታዞን ጥናት፣ ሪከቨሪ የሚባለው፣ በአጠቃላይ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት መድኃኒቱን ካገኙት 22.9 በመቶ፣ ካላገኙት 25.7 በመቶ ነበሩ። ጥቅሙ የታየው ግን ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ ማሽን ላይ በነበሩት ነው፣ ያለ ኦክስጅን የሚተነፍሱት ላይ ጥቅም አልታየም። እዚህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግዴታ ይሄንን መያዝ አለበት፣ አለዚያ አንደኛውን ብቻ የሰማ ሰው ጉንፋን ሲይዘው ፋርማሲ ሄዶ ይገዛዋል።

ለሰው አንብብለት፣ «ገባህ?» ግን አትበለው

እዚህ ደረጃ ላይ ነው ብዙውን ጊዜ የማፍረው። የመጀመሪያ ረቂቄ ላይ ፐርሰንት ከበድ ይላል ብዬ «ከ10 ሄክታር የቡና መሬት ከ4 እስከ 6 ሄክታሩ» ብዬ ጽፌ ነበር፣ ለጋዜጣ የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ፣ ጥሩ ዘዴም ነው ብዙ ጊዜ። አጋሮ አካባቢ ቡና ላላቸው አጎቴ ደውዬ አነበብኩላቸው። «ገባዎት?» ብላቸው «አዎ ልጄ፣ ገብቶኛል» ነው የሚሉኝ፣ እኔን ላለማሳፈር። ስለዚህ «ጋሼ፣ እስቲ የሰሙትን ለሌላ ሰው እንደሚነግሩ አድርገው ይንገሩኝ» አልኳቸው። እሳቸውም ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲህ እኔ ካለኝ ሁለት ሄክታር አንዱ ሊሄድብኝ ነው» አሉ።

ስህተቱ የኔ ነው። «ከ10 ሄክታር» ስል እሳቸው የያንዳንዱ ሰው ማሳ ላይ የሚከፋፈል አድርገው ወሰዱት፣ ጥናቱ የሚለው ግን በአገር ደረጃ ነው፣ አንዱ አካባቢ በሙሉ ላይመች ይችላል፣ ሌላው ምንም ላይነካው ይችላል። ፐርሰንቱን መለስኩት፣ ቡና የሚነግድና የሚያደርቅ ሰው ደግሞ እርጥበት በመቶ ሲለካ ስለሚውል ፐርሰንት አይከብደውም፣ እኔ ነኝ ያላሰብኩት። «መሬት» የምትለዋንም «አካባቢ» አደረግኳት፣ መሬት ሲባል ሰው የራሱን ያስባል።

እንደገና ጽፌ የደረስኩበት ይሄ ነው፦

«የሚታይ ሥራ ካልተሠራ፣ አሁን ኢትዮጵያ ውስጥ ቡና ከሚለማባቸው አካባቢዎች ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆኑት እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ገደማ የአየር ጠባያቸው ተቀይሮ ለቡና የማይመቹ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት ገምተዋል። ቡናን አየሩ ወደሚስማማው ሌላ አካባቢ ማዛወር፣ ደንን ከመጠበቅ ወይም መልሶ ከማልማት ጋር አብሮ ከተሠራ ግን፣ በአየር ጠባዩ ለቡና የሚመቸው ቦታ ቢያንስ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል።»

ረጅም ናቸው፣ አውቃለሁ። በአጭር ቃል ልጽፋቸው ሞክሬ በቆረጥኩ ቁጥር አንድ ሁኔታ ይወድቅ ነበር። በሁለተኛው ላይ «በአየር ጠባዩ» የምትለዋ በኋላ የተጨመረች ናት፣ ምክንያቱም ስሌቱ አየሩ ይስማማል ነው የሚለው እንጂ ቦታው ባዶ ነው፣ ሰው አልሰፈረበትም፣ ሌላ እህል አልተዘራበትም አላለም፣ እሷ ከሌለች መንግሥት የሚያድለው መሬት ያለ ይመስላል።

መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ ፈትሽ

አሁን ከሁለቱ ዓረፍተ ነገር ተነስተህ ወደ አብስትራክቱ ተመለስ፣ እያንዳንዱን ቃል ከየት እንዳመጣኸው በእስክሪብቶ አገናኝ። «39 እስከ 59» ከአራተኛው፣ «ሊሆኑ እንደሚችሉ» ከአራተኛው፣ «በኮምፒውተር ስሌት» ከሦስተኛው፣ «ደን» ከአምስተኛው፣ «2100» ከፔፐሩ ውስጥ። መስመር የማይደርሰው ቃል ካለ ያንተ ነው፣ አውጣው። እኔ በመጀመሪያው ረቂቅ «በአስደንጋጭ ሁኔታ» ብዬ ነበር፣ ስፈትሽ ምንጭ የለውም፣ ወጣ። ጥናቱን ከሠሩት አንዱን የምታውቅ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ላክለትና «እዚህ ውስጥ ያላልከው ነገር አለ?» ብለህ ጠይቀው፣ «ጥሩ ነው?» ካልከው ጥሩ ነው ብቻ ነው የሚልህ።

ከሁለቱ ዓረፍተ ነገር ሥር የጆርናሉን ስምና ዓመቱን ጻፍ። ተቆርጦ ተቆርጦ ሲዞር ከዓመታት በኋላ «አዲስ ጥናት» ተብሎ ይመለሳልና።

ያስተካከልኩትን ለአጎቴ እንደገና አነበብኩላቸው። «እንክብካቤ ከሌለ በልጅ ልጆቼ ጊዜ አንዳንዱ አገር ለቡና አይሆንም፣ ተዛውሮ ደን ከተጠበቀ ግን ሌላ ቦታ ይኖራል፣ የኛ አገር ከየትኛው እንደሆነ ግን አልነገርከኝም» አሉኝ። እሷ ጥያቄ ስድስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የቀረችው ናት፣ ለሷ አብስትራክቱን መተውና ፔፐሩ ውስጥ ያሉትን ካርታዎች ከፍቶ አጋሮን መፈለግ ነው።